በበቅሎዋ ጥያቄ ኅዳግ ላይ

ጋሼ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የሰው እጅ የሚፈልጉት ለማንበብና ለመጻፍ ብቻ ነበር። ሌላውን ሁሉ በዳበሳ ይወጡታል። ከአልጋቸው እስከ ደጃፉ ያለውን ድንጋይ እግራቸው ያውቀዋል፤ የትኛው የሱፍ ባና የማን እንደሆነ በጣታቸው ዳስሰው ይለያሉ። ወረቀት ግን አይዳሰስም። አባቴ ወደ እሳቸው፣ ወደ መንዝ መሐል ሜዳ የላከኝ ለዚህ ነው።

ጋሼ የአባቴ አጎት ናቸው። ረጅም ዘመን በዳኝነት ሠርተዋል። በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቸው ደግሞ ዳኛ ለመሆን የሚወዳደሩ ሰዎች የሚጽፉትን ፈተና ከሚያርሙት አንዱ ነበሩ። እኔ ከዘመሮ ወዲያ ካለ መንደር ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት የቀረሁ ነኝ። ዘጠነኛ ለመማር ከተማ ቤት መከራየት ያስፈልግ ነበር፤ እናቴ ደግሞ በዚያው ዓመት ታማ ተኛች። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ በዚያው ቀረ። ስመጣ የማውቀው ማንበብና ጥሩ አድርጎ መጻፍ ነው። እሱንም ድምፄን ሳላሰማ። እንግዳ ሲመጣ ማጀት እገባለሁ፤ ሲጠሩኝ በአንገቴ እመልሳለሁ። ጋሼ መጀመሪያ ሰሞን «አንገትሽን አላየውምና በአፍሽ መልሺልኝ» ይሉኝ ነበር። አነጋገራቸው ቁጣ አልነበረበትም። እንደ ቀልድ ነው የሚሉት፤ እኔ ግን ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ሬጅስትራሯ ወደ ቤታችን መምጣት የጀመረችው በጥቢ ነው። በወረዳው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች፤ ሕግ ተምራ ተመርቃለች። ለዳኝነት የሚሰጠውን የጽሑፍ ፈተና ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተፈትና ወድቃለች። ባሏ ደብረ ብርሃን ነው የሚሠራው። ሁለቱ ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ አሁንም ካላለፈች መሐል ሜዳን ትታ ወደ እሱ ትሄዳለች፤ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ይከፍታሉ። ይህን ለጋሼ ስትነግራቸው ሱቁን እንደ ክፉ ነገር አላነሳችውም። «ሱቅም ሥራ ነው» አለች። ከዚያ ግን የአባቷን ነገር አነሳች። ልጅነቷን ሙሉ ከአባቷ ጋር ሽምግልና ስትሰማ ያደገች ናት። አባቷ በአካባቢው ሁሉ የሚጠሩ አስታራቂ ናቸው። ዳኛ መሆን ማለት ለእሷ የአባቷን ወንበር በሌላ በኩል መውረስ ነበር።

ጋሼ ጥያቄ አወጡላት። እኔ ጻፍኩት፤ እሷ ይዛው ሄደች። ጥያቄው ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት ነው። አንድ ሰው በቅሎውን ለጎረቤቱ ያውሰዋል። ጎረቤቱ ገብስ ጭኖ ገበያ ይወጣል፤ ጭነቱን አራግፎ በቅሎዋን ከከረጢቶቹ አጠገብ አስሮ በግ ሊያይ ይሄዳል። አንዲት ሸክላ ሻጭ እንስራ ተሸክማ በከረጢቶቹ መካከል ጎንበስ ብላ ስትወጣ በቅሎዋ ትረግጣታለች። ክንዷ ይሰበራል፤ እንስራዎቹም ይሰበራሉ። ባለቤቱ «በቅሎዬ ሰው ረግጣ አታውቅም፤ እኔም ቤቴ ነበርኩ» ይላል። የተዋሰው «በቅሎዋ የእኔ አይደለችም» ይላል። ሁለቱም ደግሞ ሴትየዋ ራሷ ጥፋተኛ ናት ይላሉ። ማን ኃላፊ ነው? በምን ሕግ? እስከ ምን ድረስ?

በሳምንቱ ረቂቋን ይዛ መጣች። ጋሼ ከመጀመራችን በፊት የአስተራረማቸውን ደንብ ነገሩን። አንድ ጊዜ ሳላቋርጥ እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ያን ጊዜ ማንም አይናገርም፤ አራሚ መጀመሪያ ጽሑፉን ሙሉውን ነው የሚሰማው አሉ። ሁለተኛ ጊዜ አንቀጽ በአንቀጽ እየቆምኩ አነባለሁ፤ እሳቸው የሚሉትን በቀይ እስክሪብቶ በኅዳጉ ላይ እጽፋለሁ። የሚያዩት ሦስት ነገር ነው፤ አወቃቀሩን፣ የሕግ ድጋፉን፣ ሕጉ ከፍሬ ነገሩ ጋር መገናኘቱን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ደግሞ» አሉኝ፣ «‹ስለዚህ› የሚል ቃል ባነበብሽ ቁጥር ቆም በይ። ምክንያቱ ከበላዩ ካልተነገረሽ ‹ለምን?› ብለሽ ጠይቂ። ሕግ ስላልተማርሽ ነው ያንቺን ጆሮ የምፈልገው። እኔ የጎደለውን ከራሴ እሞላለታለሁ፤ አንቺ ግን ከየት አምጥተሽ ትሞያለሽ?»

አነበብኩ። ድምፄ ለራሴም አይሰማኝም ነበር። ሬጅስትራሯ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። ጽሑፉ ያምር ነበር። ሰላም ከሁሉ እንደሚበልጥ፣ ጎረቤት ከጎረቤት እንደማይጣላ፣ እንስሳ አእምሮ እንደሌለው፣ ሰው ግን ንብረቱን መጠበቅ እንዳለበት ይዘረዝራል። ከዚያ የሦስቱን ሰዎች ንግግር በየተራ ያመጣል። ከዚያ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2028 ሙሉውን ይገለብጣል፤ በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ይካሳል የሚለውን። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ባለቤቱ ጥፋት እንደሌለበት በሰፊው ተተንትኗል። ሰበር ሰሚ ችሎትም በተደጋጋሚ እንዲህ ወስኗል የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። መጨረሻ ላይ ቁጥር 2071 ብቅ ይልና «ስለዚህ ባለቤቱ ኃላፊ ነው» ይላል። ከዚያ ሴትየዋም የራሷ ድርሻ ስላለባት ካሳው በግማሽ ይቀነስ ብሎ ያበቃል።

ስጨርስ ጋሼ ባናቸውን ወደ ጉልበታቸው ሳቡ።

«አባትሽን ጠራሻቸው እንዴ?» አሉ።

ሬጅስትራሯ ሳቋ መጣ፤ ግን አልሳቀችም።

«ይሄ የሽምግልና መክፈቻ ነው። ምርቃቱ ብቻ ነው የቀረው። ሽማግሌ ሰዎቹ ልባቸው እስኪበርድ ድረስ ዙሪያውን ይዞራል፤ ፍርዱን መጨረሻ ላይ ያወጣል። ደግ ነው፤ የሚያስታርቅ እንደዚያ ነው የሚያደርግ። ፈታኝ ግን አልተጣላም፤ ምኑን ታበርጃለሽ?»

ከዚያ አጻፉኝ። በመጀመሪያው ገጽ ኅዳግ ላይ፦ «አወቃቀር፦ ጭብጡ ሦስተኛ ገጽ ላይ ነው የተገኘው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ይቀመጥ። ለእያንዳንዱ ተከሳሽ ለብቻው።» ከ2028 ጎን፦ «የሕግ ድጋፍ፦ ይህ ቁጥር ጥፋት ላለበት ነው። እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን የሚጠይቀው ሕግ ጥፋት አይፈልግም። ገጽ ሙሉ ጥፋት መፈለግ ያልተጠየቀውን መመለስ ነው።» ከሰበሩ ዓረፍተ ነገር ጎን፦ «የትኛው መዝገብ? ካላስታወስሽ ‹በተደጋጋሚ› አትበዪ። የማይገኝ ድጋፍ ጭራሽ ካለመጥቀስ ይብሳል፤ አራሚው ሌላውንም መጠርጠር ይጀምራል።»

መጨረሻው አንቀጽ ላይ «ስለዚህ ባለቤቱ ኃላፊ ነው» ወደሚለው ስንደርስ ቆምኩ። ጋሼ ጠበቁኝ። እሷም ጠበቀችኝ።

«ለምን?» አልኩ።

ያልኩት ምድር ምድሩን እያየሁ ነው። ሬጅስትራሯ «ቁጥር 2071 ስለሚል» አለች።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ገባሽ?»

«አልገባኝም» አልኩ። እውነቴን ነው። «እሱ ቤቱ ነበር። በቅሎዋ ሌላ ሰው ጋ ነበረች።»

ሬጅስትራሯ ወደ እኔ ዞራ ማስረዳት ጀመረች። ሕጉ ባለቤቱን የሚይዘው እንስሳው ከእጁ ቢወጣም፣ ጉዳቱ ይደርሳል ብሎ ባይጠብቅም ነው፤ ረግጣ አታውቅም ማለቱም አያድነውም፤ ጥፋት የለብኝም ብሎ ማምለጥ አይቻልም፤ የተዋሰው ሰው ደግሞ በእጁ ሳለች ለጥቅሙ ይዟታልና በ2072 እሱም ይጠየቃል፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚተሳሰቡ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሸክላ ሻጯን አይመለከታትም። እጆቿን እያወራጨች ነው የምትናገረው። ገባኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሕግ ገባኝ።

«አሁን ያልሽውን ነው መጻፍ ያለብሽ» አሉ ጋሼ። «ወረቀቱ ላይ ሕጉን ነገርሽኝ፤ የሰዎቹንም ነገር ነገርሽኝ፤ ሁለቱን ግን አላገናኘሽልኝም። ለእሷ እንደነገርሻት ጻፊው።» ከዚያ ነጥቡን አስጻፉኝ፤ ከሠላሳ አሥራ አንድ። ሬጅስትራሯ ወረቀቷን ተቀብላኝ ቀዩን ሁሉ ቆማ አነበበችው። በሩ ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዞር ብላ «ጽሑፍሽ ያምራል፤ ባይሆን በቆንጆ እጅ ወደቅሁ» አለችኝ። ስትስቅ ዓይኗ እርጥብ ነበር።

ሁለተኛው ረቂቅ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስል ነበር። የመጀመሪያው መስመር ጭብጡን ይዞ ይነሳል። ባለቤቱ ለብቻው፣ የተዋሰው ለብቻው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከተጠቀሰ በኋላ «በዚህ ጉዳይ» ብሎ ወደ በቅሎዋ ይመለሳል። የሰበሩ ዓረፍተ ነገር ወጥቷል። ጋሼ እያዳመጡ ጉልበታቸውን በጣታቸው መታ መታ ያደርጉ ነበር፤ ሲደሰቱ እንደዚያ ናቸው። እኔም በየ«ስለዚህ»ው እየቆምኩ የምጠይቀው አጣሁ። የመጨረሻው ክፍል ስለ ሸክላ ሻጯ ነበር። ሕግ ያለ ጥፋት የሚያስጠይቀው ሰው የሚድነው ጉዳቱ በተጎጂው ጥፋት በደረሰበት መጠን ነው ብላ ቁጥር 2086ን ጠቀሰች። ከዚያ እንዲህ ጻፈች፦ «ከበቅሎ በስተኋላ ማለፍ አደገኛ መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቃል። ሸክላ ሻጯ ይህን እያወቀች አልፋለች። ስለዚህ ካሳው በግማሽ ይቀነሳል።»

እኔ አነበብኩት፤ አልቆምኩም። ጋሼ «ጥሩ ነው» አሉ፤ «ጥሩ ነጥብ ነው» ብዬ በቀይ ጻፍኩ። ሬጅስትራሯ ከሠላሳ ሃያ አራት ይዛ ሄደች። በሳምንቱ መጨረሻ ንጹሑን ግልባጭ ልትጽፈው፣ ፈተናው ላይም እንደዚያ ልትመልስ ነው።

ገበያው በዚያው ሳምንት ነበር። ጋሼ ጨውና ሻማ እንዳመጣ ልከውኝ ወጣሁ። ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ዓይን አያስከፍትም። የጭነት ከብቶች በሚቆሙበት ዳር በኩል ሳልፍ አንድ ወጣት ወንድ አየሁ፤ አዲስ የተመደበ ሠራተኛ ይመስላል፤ ጫማው ንጹሕ ነው፤ ስልኩን እያየ ነው የሚሄደው። ወደ ታሰረች በቅሎ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ከኋላዋ፣ ጅራቷን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግቶ። የቆሙት ሰዎች ሁሉ ባንድ ላይ ጮኹ። አንድ ሽማግሌ በበትራቸው አንገቱን ያዝ አድርገው ሳቡት።

«አንተ፣ ከየት ነህ?» አሉት።

የሆነ ሞቃት አገር ስም ጠራላቸው። «በቅሎ ስትረግጥ አይቼ አላውቅም» አለ፤ ሰዎቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ያ ዓረፍተ ነገር በውስጤ ሲነበብ ሰማሁት። ሕፃን ልጅ ያውቃል። የማን ሕፃን? ሸክላ ሻጯ ከየት እንደመጣች ጥያቄው አይናገርም። በቅሎዋን ማየቷንም አይናገርም፤ ጎንበስ ብላ ከከረጢት መካከል ነው የወጣችው። «እያወቀች» የሚለውን ያስገባነው እኛ ነን።

ጨዉን ገዝቼ ሻማውን ረስቼ ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ እንዴት እንደምናገር ነው የማስበው። ነገሩን ማንሳት ማለት ጋሼም አልፈውታል ማለት ነው። እሳቸው «ጥሩ ነው» ብለዋል፤ በእጄ ጽፌዋለሁ። እኔ ማን ነኝና? ግን ደግሞ ሱቁን አሰብኩት። ደብረ ብርሃን ያለውን፣ ገና ያልተከፈተውን ሱቅ። ስገባ ጋሼ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ቆምኩና ሳልጠየቅ ተናገርኩ፤ ያን ቤት ከገባሁ የመጀመሪያዬ ነው።

«ጋሼ፣ ስለ ሸክላ ሻጯ ያለው ላይ አልጠየቅሁም።»

«ምን ሳትጠይቂ?»

«ለምን የሚለውን።»

ከዚያ የልጁን ነገር ነገርኳቸው፤ ጫማውን፣ ስልኩን፣ የሽማግሌውን በትር። ጋሼ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀስ እያለ ሳቃቸው መጣ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ሦስታችንም የመንዝ ሰዎች» አሉ። «ሦስታችንም ከበቅሎ ኋላ ያላለፍን። ማን ይጠይቅ? ጥያቄውን እዚህ አምጥተን አስቀመጥነው። አራሚው ግን ከሌላ አገር ሊሆን ይችላል፤ ሸክላ ሻጯም እንዲሁ።» ቀጥለውም «እንደዚህ ያለውን ስህተት ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ ይሆን» አሉ፤ ይህን ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው ነው ያሉት። «ሂጂ ጥሪያት።»

«አሁን?»

«ግልባጩን ሳትጽፍ።»

ወደ ፍርድ ቤቱ ሄድኩ። ለወትሮው በዚያ በር በኩል ሳልፍ አልፎ ሂያጅ እንዳያየኝ ግድግዳ ግድግዳውን ነው የምሄደው። ያን ቀን መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ባለጉዳዮች ተሰልፈው ነበር። ከሰልፉ ጀርባ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ጋሼ ይጠሩሻል» አልኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። ምንም አልሆንኩም።

ሥራ ስትጨርስ መጣች። ጋሼ ነገሩን ከእኔ አፍ እንድትሰማ አደረጉ። ሰምታ ጨረሰችና ወረቀቷን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ዓረፍተ ነገሯን አገኘችው፤ አፏን በእጇ ያዘች።

«አባቴ እኮ ድሮ በቅሎ ነጋዴ ነበር» አለች። «አእምሮዬ ውስጥ ሌላ ነገር አልነበረም።»

ጋሼ ከ«ጥሩ ነጥብ ነው» በታች አስጻፉኝ፦ «ማረሚያ፦ ይህ ፍሬ ነገር በጥያቄው የለም። የራስሽን አገር እውቀት ለተጎጂዋ አትስጪያት። የተጎጂን ጥፋት ማስረዳት ያለበት እሱን የሚያነሳው ነው። ተነግሯት ወይም አይታ ማለፏ ከተረጋገጠ በድርሻዋ መጠን ይቀነሳል በዪ፤ በተሰጠው ፍሬ ነገር ግን አልተረጋገጠም። ስለዚህ ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል ነው።» ነጥቡንም ቀነሱባት። ሬጅስትራሯ «ጋሼ፣ እርስዎም አልፈውታል እኮ!» ስትላቸው «ለእኔም ይቀነስብኝ» አሉ፤ እኔም ከነጥቡ ጎን «አራሚውም» ብዬ በትንሹ ጻፍኩ። ስነግራቸው ወደዱት።

ሦስተኛውን ግልባጭ እዚያው ጠረጴዛችን ላይ ጻፈችው። እኔ በሶ በጥብጬ አቀረብኩ፤ ማጀት ግን አልተመለስኩም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። በየ«ስለዚህ»ው ላይ ቀና ትልና ዓይኔን ታያለች፤ ገብቶኝ እንደሆነ ራሴን እነቀንቅላታለሁ። ለጋሼ ሲባል ደግሞ በአፌም «እሺ» እላለሁ።

ፈተናው ባሕር ዳር ነበር። ሄዳ ተመለሰች፤ ውጤቱ ብዙ ቆየ። በመካከሉ ደብረ ብርሃን ሄዳ የሱቁን ቤት አይታ መጣች፤ «ጥሩ ቤት ነው» አለች። ውጤቱ የወጣ ቀን በሩን ሳታንኳኳ ገባች። አልፋለች። ለሥልጠና ልትሄድ ነው።

ጋሼ መጀመሪያ የጠየቋት ስለ ጥያቄው ነው። በቅሎ አልመጣም። የፈረሰ የአጥር ግንብ ነበር አለች፤ ከተማ ውስጥ፤ መንገደኛ ላይ የወደቀ። «ግንቡን ተጠግቶ መሄድ እንደሌለበት ሰው ሁሉ ያውቃል ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አነሳሁ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «የአንቺ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። እንዲያው ቀስ ያለች፣ ምድር ምድሩን የምታይ ‹ለምን?› አስቆመችኝ። ስንት ዓረፍተ ነገር አሰረዘችኝ መሰለሽ?»

እስከዚያ ቀን ድምፄን ማንም ሰው ይዞት ሩቅ አገር ሄዶ አያውቅም። ጋሼን አየኋቸው፤ ጉልበታቸውን በጣታቸው መታ መታ ያደርጉ ነበር።

ጋሼን የማመሰግንበት ብዙ ነገር አለኝ፤ ያሳደሩኝ፣ እንደ ልጃቸው ያዩኝ። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን አለማወቄን ለሥራ መፈለጋቸው ነው። አልገባኝም ማለት በትምህርት ቤት የሚያሳፍር ነገር ነበር፤ በእሳቸው ቤት ግን የምኖርበት ሥራ ሆነ። ሬጅስትራሯንም አመሰግናታለሁ፤ የጠየቅኳትን ሁሉ ወደ እኔ ዞራ ነው የመለሰችልኝ፤ በእኔ አልፋ ለጋሼ ብቻ ተናግራ አታውቅም።

ልትሄድ ስትነሳ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ለእኔ መስሎኝ ደነገጥኩ። የመዝገብ ቤት ባልደረባዋ ረቂቅ ነው፤ እሱም ወድቆ ነበር፤ ራሱ መምጣት አፍሮ ነው። ጋሼ «አንብቢ» አሉኝ። ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ። የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ፣ ገና ሦስተኛው መስመር ሳይደርስ፣ «ስለዚህ» የሚል አገኘሁ። ቆምኩ፤ ቀና አልኩ።

«ለምን?» አልኩ። ጋሼ ቀዩን እስክሪብቶ በዳበሳ ፈልገው ሰጡኝ።